ማውጫው ሳይጻፍ የቀረ ቪዲዮ

ከደባርቅ ወጥቶ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ ጠመዝማዛውን ሳይጀምር፣ በገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይሰማራሉ። ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ብቅ ይላሉ፤ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰውም አጥብቆ የሚፈልጋቸው በዚያ ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ግን ለካሜራ ባትሪ ከቀኑ ሁሉ የከፋው ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ሳንካበርና ወደ ጨነቅ የሚዘልቅ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ንጋቱ ብርድ ነው።

የሊቲየም ባትሪ ሲበርደው በውስጡ ያለው የኬሚካል እንቅስቃሴ ይዘገያል። ኃይሉ አላለቀም፤ ካሜራው በሚፈልገው ፍጥነት ግን መውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ ካሜራው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ቮልቴጁ በድንገት ያሽቆለቁላል። ባትሪው ግማሽ ሙሉ ነው ብሎ ሲያሳይ የነበረ ካሜራ ድርግም ሊል የሚችለው፣ ያው ባትሪ በኪስ ውስጥ ከሞቀ በኋላ እንደገና የሚሠራውም ለዚህ ነው። ባትሪ ቀስ እያለ ሲያልቅ አብዛኞቹ ካሜራዎች ቀረጻውን ራሳቸው አቁመው ፋይሉን በሥርዓት ይዘጋሉ። ድንገተኛው መውደቅ ግን ለዚህ ፋታ አይሰጥም።

አንድ ቀራጭ የጭላዳውን መንጋ 8 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ ሲቀርጽ ቆይቶ እንዲህ ያለ ነገር ደረሰበት እንበል። ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም፣ በሰከንድ 50 ሜጋቢት መጠን ይጽፋል። 50 ሜጋቢት 6.25 ሜጋባይት ነውና የ8 ደቂቃው ቀረጻ 3 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ሰውየው ደባርቅ ተመልሶ ካርዱን ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ ፋይሉ አለ፤ መጠኑም 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። ግን በየትኛውም ማጫወቻ አይከፈትም።

ነገሩ የሚገባን ካሜራ ፋይል የሚጽፍበትን ቅደም ተከተል ስናውቅ ነው። የኤምፒ4 ፋይል በሣጥን በሣጥን የተከፋፈለ ነው። መጀመሪያ ላይ የፋይሉን ዓይነት የሚናገር `ftyp` የተባለ ትንሽ ሣጥን አለ። ምስሉና ድምፁ የሚገቡት `mdat` በተባለው ትልቅ ሣጥን ውስጥ ነው። ሦስተኛው `moov` ይባላል፤ እሱ የፋይሉ ማውጫ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ከየት እንደሚጀምር፣ ስንት ባይት እንደሆነና መቼ መታየት እንዳለበት ይመዘግባል፤ የምስሉን ስፋትና ምስሉ የተጨመቀበትን መንገድም ይይዛል። በእኛ ምሳሌ 12,000 ፍሬም ተቀርጿል። ካሜራው የእያንዳንዱን መጠን የሚያውቀው ጨምቆ ከጨረሰው በኋላ ስለሆነ ማውጫውን በራሱ ማስታወሻ ይዞ ይቆይና፣ ቀራጩ የማቆሚያውን ቁልፍ ሲጫን መጨረሻ ላይ ይጽፈዋል። ባትሪው ቀድሞ ከሞተ ምስሉ ካርዱ ላይ ይቀራል፤ ማውጫው ግን አይኖርም።

ጉዳቱ ይህ መሆኑን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ነፃ የሆነውን `ffmpeg` የተባለ ፕሮግራም ፋይሉን እንዲመረምር ማዘዝ ይበቃል፦

```
ffmpeg -i chilada.mp4
```

መልሱ `moov atom not found` ከሆነ የጎደለው ማውጫው ነው።

ከዚህ በኋላ የሚደረገው የመጀመሪያ ነገር አለማድረግ ነው። ካርዱ ፎርማት አይደረግም፤ አዲስ ነገርም አይቀረጽበትም። በካርዱ ጎን ያለችው ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ትገፋና ፋይሉ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል፤ ጥገናው ሁሉ የሚካሄደው በቅጂው ላይ ነው። አንዳንድ ካሜራዎች፣ ለምሳሌ ጎፕሮ፣ በተሞላ ባትሪ እንደገና ሲበሩ ያልተዘጋውን ፋይል አይተው ራሳቸው ሊጠግኑት ይሞክራሉ። ይህን መሞከር ይቻላል፤ ቅጂው ከተቀመጠ በኋላ ግን ነው።

ፋይሉ 0 ባይት ሆኖ ከታየ ነገሩ ይከብዳል። ካሜራው የፋይሉን መጠን በካርዱ ዝርዝር ላይ የሚመዘግበው ፋይሉ ሲዘጋ ሊሆን ስለሚችል፣ ምስሉ ካርዱ ላይ ተጽፎም መጠኑ ባዶ ሊመስል ይችላል። ያኔ የካርዱን ሙሉ ግልባጭ ወስዶ ጥሬውን ዳታ ከዚያ መፈለግ ያስፈልጋል። ቀረጻው ካርዱ ላይ ሳይቆራረጥ ተከታትሎ ከተቀመጠ ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ እየተሰረዘና እየተጻፈ በቆየ ካርድ ላይ ግን ቁርጥራጮቹን ማገናኘት አዳጋች ነው።

በእኛ ምሳሌ ፋይሉ 3 ጊጋባይት ስለሆነ መንገዱ አጭር ነው። ጠጋኙ የሚያስፈልገው አንድ ጤነኛ ወንድም ፋይል ነው፦ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው የምስል መጠን፣ በዚያው የፍሬም ፍጥነትና በዚያው የድምፅ ቅንብር የተቀረጸ። ከቀደሙት ቀረጻዎች አንዱ ይሆናል፤ ከሌለ ደግሞ አንድ ደቂቃ ያህል አዲስ ይቀረጻል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን አዲስ ቀረጻ በተጎዳው ካርድ ላይ ያደርገዋል። በሌላ ካርድ መሆን አለበት።

ወንድም ፋይሉ የሚፈለግበት ምክንያት የነገሩ እምብርት ነው። በብዙ ካሜራዎች የምስሉ ስፋትና የአጨማመቁ ቅንብር የሚጻፈው በማውጫው ውስጥ ነው። ያለ እነሱ 3 ጊጋባይቱ ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው። ካሜራው ግን በአንድ ቅንብር ላይ እስካለ ድረስ እነዚህን መረጃዎች በየፋይሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ይጽፋል፤ ስለዚህ ከጤነኛው ተበድሮ ለታመመው መስጠት ይቻላል። ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ፖንቺዮ የጻፈው `untrunc` የተባለ ነፃ ፕሮግራም የሚሠራው ይህንኑ ነው፦

```
untrunc tena.mp4 chilada.mp4
```

ፕሮግራሙ ቅንብሩን ከጤነኛው ፋይል ካነበበ በኋላ የተጎዳውን ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ ይሄድበታል። በተለመደው ኤች.264 አጨማመቅ እያንዳንዱ የምስል ቁራጭ ርዝመቱን ከፊቱ በ4 ባይት ይዞ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ያንን ቁጥር አንብቦ ቀጥሎ ያለው ምልክት በእርግጥ የምስል መሆኑን ያያል፤ ከሆነ የተባለውን ያህል ዘሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ካልሆነ ድምፅ ይሆናል ብሎ ይገምታል። ድምፁ ግን ርዝመቱን ከፊቱ አይጽፍም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ የት እንደሚያልቅ ለማወቅ ፈትቶ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። ሲጨርስ የእያንዳንዱን ቁራጭ ቦታና መጠን በአዲስ ማውጫ ይጽፍና በስሙ ላይ `_fixed` የተጨመረበት ሌላ ፋይል ያወጣል።

ውጤቱን በዓይን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያው ብቻ ሳይሆን መሐሉም መጨረሻውም መታየት አለበት። ምስሉ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሆኖ ከተዘባረቀ ብዙውን ጊዜ ወንድም ፋይሉ በሌላ ቅንብር የተቀረጸ ነው፤ ትክክለኛውን ፈልጎ መድገም ነው። ምስሉ ጥሩ ሆኖ ድምፁ ቀስ በቀስ ከከንፈር ወይም ከእንቅስቃሴ ከተለየ ደግሞ የጊዜ ሰሌዳው በግምት የተሠራ ስለሆነ ነው። ይህ በተለይ በስልክ ቀረጻ ላይ ይታያል፤ ብዙ ስልኮች የፍሬሙን ፍጥነት እንደ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ያደርጉታልና። እንዲህ ያለው በኤዲቲንግ ድምፁን ነጥሎ በመግፋት ይስተካከላል።

ምንም ዓይነት ጥገና የማይመልሰው የመጨረሻው ቅጽበት ነው። ካሜራ እያንዳንዱን ፍሬም ወዲያው ካርድ ላይ አይጽፍም፤ ጥቂት በማስታወሻው አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ያስተላልፋል። ባትሪው ሲሞት በማስታወሻው የነበረው አብሮ ይጠፋል፤ መንጋው በገደሉ አፋፍ ላይ ሲሮጥ የታየው ካሜራው ሊዘጋ ሲል ከነበረ፣ ያ ክፍል ካርዱ ላይ ጨርሶ አልደረሰም።