«የቅርብ ኃላፊ» እና ያልተጻፈው አርቲክል፦ በእንግሊዝኛ ፈተና የአማርኛ አፍ ፈቺ ተማሪዎች የሚሰናከሉባቸው ሁለት ጥያቄዎች

በአራዳ አካባቢ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ተመሥርቷል። ይህ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እንከን የለውም፤ ግሡ «ተመሥርቷል» ከተወሰነ ዓመት ጋር ያለ ችግር ይሄዳል። ተማሪው ይህንኑ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ግን ስሕተት ይፈጠራል። በአራት ምርጫዎች የቀረበ አንድ የማሟያ ጥያቄ እንደ ምሳሌ እንውሰድ፦ «ዳግማዊ ምኒልክ ስኩል … ኢን 1908»። ምርጫዎቹ «ኢዝ ፋውንድድ»፣ «ሃዝ ቢን ፋውንድድ»፣ «ዎዝ ፋውንድድ» እና «ሃድ ፋውንድድ» ናቸው። ትክክለኛው ሦስተኛው ሲሆን፣ አማርኛ አፍ ፈቺውን ተማሪ የሚስበው ግን ሁለተኛው ነው።

የስሕተቱ ምንጭ በሰዋስው መማሪያዎች «የቅርብ ኃላፊ» የሚል ስም የተሰጠው ቅርጽ ነው። «መጥቷል»፣ «ፈርሷል»፣ «ተመሥርቷል» የመሳሰሉት ቅርጾች ውጤቱ አሁንም የሚታይ ድርጊትን ስለሚገልጹ፣ ተማሪው ከእንግሊዝኛው ፕረዘንት ፐርፌክት ጋር አንድ ለአንድ ያያይዛቸዋል። ለብዙ ዓረፍተ ነገሮች ይህ ማያያዝ ይሠራል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተካሄደውን የቤቶች ፈረሳ ያስታወሰ ሰው «ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል» ቢል፣ እንግሊዝኛውም «ሃቭ ቢን ዲሞሊሽድ» ይላል። ልዩነቱ የሚገለጠው ዓመቱ ሲጨመር ነው። አማርኛ «በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል» ማለትን ይፈቅዳል፤ እንግሊዝኛ ግን ያለፈና የተዘጋ ጊዜ በተጠቀሰ ቁጥር ፕረዘንት ፐርፌክትን ከልክሎ «ወር ዲሞሊሽድ» የሚለውን ይጠይቃል። ስለዚህ «የቅርብ» የሚለው ስያሜም ያሳስታል። እንግሊዝኛ የሚጠይቀው ድርጊቱ ምን ያህል እንደቀረበ ሳይሆን፣ ጊዜው ተዘግቶ መጠቀሱን ነው። ድርጊቱ ትናንት የተፈጸመ ቢሆንም «የስተርደይ» ካለ ፐርፌክቱ ይቀራል።

ችግሩ በአሉታ ይጠነክራል። «መጣ» እና «መጥቷል» በአዎንታ ሁለት ቅርጾች ናቸው፤ በአሉታ ግን ሁለቱም ወደ አንድ «አልመጣም» ይገባሉ። «ዲድ ኖት ካም» እና «ሃዝ ኖት ካም» የሚሉ ምርጫዎች በቀረቡለት ጊዜ ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚለይበት የግሥ ምልክት የለውም። ከእጁ የሚቀረው የጊዜ ቃሉ ብቻ ነው፦ «ገና አልመጣም» ወደ «ሃዝ ኖት ካም የት»፣ «ትናንት አልመጣም» ወደ «ዲድ ኖት ካም የስተርደይ» ያመራል።

በአርቲክል በኩል ያለው ችግር ሌላ መልክ አለው። አማርኛ ቀድሞ የታወቀን ስም በቅጥያ ያመለክታል፤ ያልታወቀውን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምልክት ይተወዋል። «ተማሪው ፒያሳ መጽሐፍ ገዛ፤ መጽሐፉ አሮጌ ነው» የሚለውን እንመልከት። በሁለተኛው ክፍል «-ኡ» ስላለ ተማሪው «ዘ ቡክ» ለማለት መነሻ ያገኛል። በመጀመሪያው ክፍል ግን «መጽሐፍ» ባዶውን ስለቆመ፣ «ኤ» የሚለውን እንዲያስገባ የሚያስታውሰው ነገር የለም። «አንድ» ማለት ይቻላል፤ ግዴታ ግን አይደለም። ከዚህም በላይ «መጽሐፉ» የሚለው «የእርሱ መጽሐፍ» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ በመሆኑም «ሂዝ ቡክ» የሚል ምርጫ ሲኖር ሁለት ፍቺ ይፎካከራሉ።

ቅጥያው ጠቃሚ መነሻ ቢሆንም ወሰን አለው። «ፀሐይ ወጣች» በሚለው ዓረፍተ ነገር ፀሐይ ቅጥያ አትይዝም፤ በዓለም አንዲት መሆኗ በቂ ነው። እንግሊዝኛ ግን «ዘ ሰን» ይላል። እንግዲህ ቅጥያ ካለ «ዘ» ይኑር የሚለው ምክር በብዙ ስፍራ ያግዛል፤ ቅጥያ ከሌለ «ዘ» አይኑር የሚለው ተገላቢጦሹ ግን ስሕተት ነው።

መምህሩ ስሕተቱ ከአማርኛ የመጣ መሆኑን ለመለየት አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ማቅረብ ይችላል፤ አንዴ የጊዜ ቃል ሳይኖረው፣ አንዴ የተዘጋ ጊዜ ተጨምሮበት። ተማሪው የመጀመሪያውን በፕረዘንት ፐርፌክት በትክክል መልሶ ሁለተኛውንም በዚያው ከመለሰ፣ ቅርጹን ያውቃል፤ የሳተው የመከልከያውን ሕግ ነው። ሁለቱንም ከሳተ ግን ችግሩ ከቅርጹ ይጀምራል። የሁለቱ ማስተካከያ የተለያየ ነው፤ ለመጀመሪያው የግሥ ሰንጠረዥ ማስጠናት አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ከምርጫዎቹ በፊት የጊዜ ቃሉን ፈልጎ ማስመር ነው።