ከስክሪንሾት ማስታወቂያ የሚወጣ አጭር የማመልከቻ ደብዳቤ

የማመልከቻ ደብዳቤ ሥራ ፈላጊ ከሲቪው ጋር አያይዞ የሚያስገባው፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ነው። ሲቪ የአመልካቹን ትምህርትና የሥራ ልምድ በሙሉ ይዘረዝራል፤ ደብዳቤው ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው በማስታወቂያው የተጠየቀውን ያሟላል ወይ? ስለዚህ ደብዳቤው የሚሠራው ከሁለት ነገር ነው። አንዱ ማስታወቂያው ላይ የሰፈረው መስፈርት፣ ሌላው አመልካቹ በእርግጥ የሚችለው ሙያ። ማስታወቂያው ደግሞ ዛሬ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ወደ ሥራ ፈላጊው የሚደርሰው ሙሉው ገጽ ሳይሆን በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የመጣ ስክሪንሾት ሆኖ ነው። ሥራው የሚጀምረውም ይህን ምስል ከማንበብ ነው።

ስክሪንሾት የሚይዘው በስልኩ መስታወት ላይ የታየውን ቁራጭ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ከላይ የቀጣሪው ስምና ማስታወቂያው የወጣበት ቀን፣ ከታች ደግሞ የማመልከቻው አድራሻና ቀነ ገደብ ነው። መሀሉ፣ ማለትም የትምህርት ደረጃው፣ ልምዱና ብዛቱ፣ ይተርፋል። ይህ የማይጎዳ ይመስላል፤ ነገር ግን «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 የሥራ ቀናት ውስጥ» የሚለው የተለመደ ዐረፍተ ነገር የወጣበት ቀን ካልታወቀ ምንም አይናገርም። ከመልእክቱ ሥር የሚታየው ሰዓት ምስሉ የተላለፈበት እንጂ ማስታወቂያው የወጣበት አይደለም፤ በመካከላቸው የሳምንት ልዩነት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ዋናውን ማስታወቂያ ማግኘት ያስፈልጋል። የጋዜጣውን ገጽ፣ የቀጣሪውን የራሱን ገጽ ወይም መጀመሪያ የለጠፈውን ቻናል መፈለግ ነው። ይህ ፍለጋ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዋናው የትም የማይገኝ፣ በዚያ ላይ ለምዝገባ ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወቂያ የማጭበርበሪያ ምልክት ነው።

የቀን አቆጣጠሩም ጥንቃቄ ይሻል። ማስታወቂያው ረቡዕ ወጥቶ 7 የሥራ ቀናት ከሰጠና ረቡዕ ራሱ እንደ አንድ ቀን ከተቆጠረ፣ ቅዳሜ የሥራ ቀን ከሆነ ጊዜው በሚቀጥለው ረቡዕ ያበቃል፤ ካልሆነ ሐሙስ ይሆናል። ብዙ የግል ድርጅቶች ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሚሠሩ አመልካቹ አጭሩን ቆጠራ ቢይዝ ይሻለዋል።

ዋናው ካልተገኘና ሥራው በምስሉ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ በምስሉ ያለውን ሁሉ ቃል በቃል በወረቀት መገልበጥ ይጠቅማል። በተደጋጋሚ የተላለፈ ምስል ጥራቱ ይወርዳል፤ 0 ዓመት የሚለው 6፣ 3 የሚለው 8 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ዓይን እያለፈው የሚሄደውን ቁጥር እጅ ሲጽፈው ያቆመዋል። የተጠራጠሩበትን ቁጥር ገምቶ ከመጻፍ ለላኪው ደውሎ ማጣራት ወይም ያን ቁጥር በደብዳቤው ውስጥ ጭራሽ አለመጥቀስ ይመረጣል።

ከተገለበጠ በኋላ መስፈርቶቹ እኩል ክብደት እንደሌላቸው ይታያል። የመጀመሪያዎቹ በወረቀት የሚረጋገጡ ናቸው፦ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ ዋስ። የመጀመሪያው ማጣሪያ የሚካሄደው በእነዚህ ነውና በደብዳቤው መጀመሪያ አካባቢ በግልጽ መቀመጥ አለባቸው። ቀጥሎ የሚመጡት በሥራ የሚታዩ ሙያዎች ናቸው፤ የደብዳቤው እምብርትም እነሱ ናቸው። በመጨረሻ «በቡድን መሥራት የሚችል»፣ «ጥሩ ሥነ ምግባር ያለው» የሚሉ አሉ። እነዚህ በማንኛውም ማስታወቂያ ላይ ስለሚገኙና በደብዳቤ ሊረጋገጡ ስለማይችሉ፣ አጭር ደብዳቤ ቦታ ባይሰጣቸው ምንም አይጎድልበትም።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ስክሪንሾቱ የሚከተለውን ይዟል እንበል፦ የሥራ መደብ፣ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ፤ የትምህርት ደረጃ፣ በአካውንቲንግ ወይም በተዛማጅ መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ፤ የሥራ ልምድ፣ 1 ዓመት፤ ፒችትሪና ኤክሴል የሚችል/የምትችል፤ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅና ፔሮል ማዘጋጀት የሚችል/የምትችል፤ በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል/የምትችል፤ ብዛት 2፤ ደመወዝ በስምምነት። አመልካቿ በበኩሏ ችሎታዋን ስትጠየቅ የምትለው «አካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፣ 8 ወር ሠርቻለሁ፣ ፒችትሪ፣ ኤክሴል፣ ፔሮልና ቫት እችላለሁ፣ ትንሽ ግራፊክስ ዲዛይንም እሞክራለሁ» ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው መጀመሪያ የሚታየው ማስታወቂያው የጠየቀው፣ እሷ ግን ያልጠራችው የባንክ ማስታረቅ ነው። በሒሳብ ክፍል ለ8 ወር የሠራ ሰው ይህን ሥራ ሳይነካው አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እንደ ችሎታ ስለማይቆጠር ነው። ስለዚህ «የባንክ መግለጫውን ከመዝገቡ ጋር የምታመሳክሪው አንቺ ነበርሽ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ አዎ ከሆነ ይጻፋል፤ አይደለም ከሆነ አይጻፍም። ግራፊክስ ዲዛይኑ እውነት ቢሆንም ለዚህ መደብ ስለማይጠቅም ይቀራል። ቫት አልተጠየቀም፤ ግን ለቫት የተመዘገበ ድርጅት ሁሉ በየጊዜው የሚያሳውቀው ስለሆነ የሒሳብ ክፍሉን ሥራ ያቃልላል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ይገባዋል። የቀረው ክፍተት የ4 ወር ልምድ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥሬ ችሎታዎቹን ወደ ተሠራ ሥራ መለወጥ ያስፈልጋል። «ኤክሴል እችላለሁ» የሚለውን ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ «የ23 ሠራተኞች ፔሮል በኤክሴል አዘጋጅቻለሁ» የሚለውን ግን የሚጽፈው የሠራው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሙያ ምን፣ በምን፣ ስንት ጊዜ ወይም ለስንት ሰው የሚለውን መጠየቅ ይበቃል። ደብዳቤው ሲጠናቀቅ ይህን ይመስላል፦

ቀን፦ …………
ለ፦ የሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ማመልከትን ይመለከታል

ድርጅታችሁ ባወጣው የክፍት ሥራ ማስታወቂያ መሠረት በጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ መደብ ለመወዳደር አመልክቻለሁ። በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ከተመረቅሁ በኋላም በአንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ለ8 ወራት ሠርቻለሁ።

በዚህ ጊዜ የሽያጭና የግዢ ደረሰኞችን በየዕለቱ በፒችትሪ መዝግቤያለሁ፤ የሁለት ባንክ ሒሳቦችን በየወሩ መጨረሻ አስታርቄያለሁ፤ የ23 ሠራተኞች ፔሮል በኤክሴል አዘጋጅቻለሁ። የቫት ማሳወቂያ ሰነዶችንም አሰናድቼ ለሒሳብ ኃላፊው አቀርብ ነበር።

የሥራ ልምዴ ከተጠየቀው በ4 ወር ያንሳል፤ ሆኖም በማስታወቂያው የተጠቀሱትን ሥራዎች ሁሉ ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። በቂ ዋስ ማቅረብ እችላለሁ። ሲቪና የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎቼን ኮፒ አያይዣለሁ፤ ለፈተናም ሆነ ለቃለ መጠይቅ በምትጠሩኝ ቀን እገኛለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ ቁጥር

ደብዳቤው አጭር ነው፤ መዝጋቢው በአንድ ትንፋሽ ያነበዋል። በወረቀት የሚረጋገጠው አብዛኛው በመጀመሪያው አንቀጽ፣ ሙያው በሁለተኛው ተቀምጧል። ማስታወቂያው የተጠቀመባቸው ስሞች ሳይለወጡ ተወስደዋል፤ ማስታወቂያው «ፔሮል» ካለ ደብዳቤው «የደመወዝ ዝግጅት» አይልም፤ ምክንያቱም ብዙ ማመልከቻ የሚያጣራ ሰው የሚፈልገው ያንኑ ቃል ነው። ፒችትሪ ራሱ ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ በአምራቹ ሴጅ 50 ተብሏል፤ ማስታወቂያው ሴጅ 50 ካለ በፒችትሪ የሠራ ሰው ሁለቱንም ስም ቢጠራ መዝጋቢው ግራ አይጋባም። ቃሉን መውሰድና ዐረፍተ ነገሩን መገልበጥ ግን ይለያያሉ። «ፒችትሪና ኤክሴል የምችል፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅና ፔሮል ማዘጋጀት የምችል ነኝ» ብሎ ማስታወቂያውን መልሶ ለቀጣሪው ማንበብ ማንነትን ሳይነግር ቦታ ይፈጃል።

የጎደለውን 4 ወር በግልጽ መጻፍ ብዙዎችን ያስፈራል። አንዳንዱ ወሩን ወደ ዓመት ያስጠጋል፤ አንዳንዱ በትምህርት ቤት የወሰደውን የተግባር ልምምድ ይደምርበታል። ሁለቱም የሥራ ልምድ ማስረጃው ሲታይ ይወድቃሉ፤ ማስረጃው የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን ይዟልና። ክፍተቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተነግሮ ወዲያው የተሠራው ሥራ ሲከተለው ግን ቀጣሪው ራሱ የሚወስንበት ነገር ያገኛል። ይህ የሚሠራው ክፍተቱ ትንሽ ሲሆን ነው። ማስታወቂያው 5 ዓመት ጠይቆ አመልካቹ 8 ወር ካለው ምንም ዓይነት አጻጻፍ አያድነውም፤ ጊዜውን ለሌላ ማስታወቂያ ቢያውለው ይሻላል። የሙያ ፈቃድ ወይም ዲግሪ የተጠየቀበት መደብም እንዲሁ ነው፤ እነዚህ በግማሽ አይሟሉም።

በደብዳቤው የተጻፈ እያንዳንዱ ሙያ የፈተና ጥያቄ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ፔሮል ሠርቻለሁ ያለ አመልካች የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ እንደሚያዋጡ ቢጠየቅ መመለስ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ደብዳቤው ካለቀ በኋላ በየዐረፍተ ነገሩ ላይ «ይህን ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ?» እያሉ ማለፍ፣ የማይመለሰውንም መሰረዝ ያስፈልጋል።

ቋንቋው የማስታወቂያውን ይከተላል፤ በእንግሊዝኛ ለወጣ ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛ ለወጣው በአማርኛ። ማመልከቻው በአካል የሚቀርብ ከሆነ ደብዳቤው ታትሞ በእጅ ይፈረማል፤ ዋናው ማስረጃም ለማመሳከር ይያዛል። በኢሜይል ከሆነ ደብዳቤና ሲቪው በፒዲኤፍ ይያያዛሉ፤ በስልክ የተነሣ የወረቀት ፎቶ ደብዝዞ ስለሚደርስ አይመከርም። የኢሜይሉ ርዕስ ላይ የሥራ መደቡ ስም በማስታወቂያው እንደተጻፈው ይሰፍራል። መለያ ቁጥር ካለም አብሮ ይገባል፤ ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከማስታወቂያው ራስጌ ላይ ስለሚሆን ከስክሪንሾቱ ተቆርጦ ሊቀር ይችላልና በዋናው ላይ መፈለግ አለበት።