ኮማዋ ስንት እህት እንዳለዎት ትናገራለች

«ጀርመን የምትኖረው እህቴ ልትመጣ ነው» ብሎ አንድ ሰው ቢነግርዎ፣ ሰውየው ስንት እህት አለው? አንድም ሊሆን ይችላል፣ አምስትም። አማርኛው አይነግረንም። ሌሎቹ እህቶች አዲስ አበባ ቀርተው ይህችኛዋን ለመለየት «ጀርመን የምትኖረው» ብሎ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ያለችው አንዲት እህት ብቻ ሆና፣ የት እንደምትኖር እግረ መንገዱን ነግሮን ይሆናል። ሰሚው ቤተሰቡን ካወቀ ይረዳል፣ ካላወቀ «የትኛዋ እህትህ?» ብሎ ይጠይቃል። ነገሩ በዚሁ ያልቃል።

እንግሊዝኛ ግን ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ዓረፍተ ነገሩን እንዲጽፉ አይፈቅድልዎትም። ኮማ ካደረጉ አንድ መልስ ሰጥተዋል፣ ካላደረጉም ሌላውን። ሳያስቡበት ቢጽፉም መልሱ ወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። በእንግሊዝኛ ሪፖርት፣ ኢሜይልና መመረቂያ ጽሑፍ የምንጽፍ ሰዎች «ዛት» ወይስ «ዊች» እያልን የምንጨነቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የሚገርመው፣ ጭንቀታችን ቃሉ ላይ ሲያርፍ ትርጉሙን የምትወስነው ግን ያቺ ትንሽ ኮማ መሆኗ ነው።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ሁለት የአማርኛ ሐረጎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። «የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነችው ከተማ» እና «የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነችው አዲስ አበባ»። «መቀመጫ የሆነችው» የሚለው በሁለቱም ላይ አንድ ፊደል አልተለወጠም። ሥራው ግን የተለያየ ነው። በመጀመሪያው ላይ ከዓለም ከተሞች ሁሉ አንዷን ነጥሎ ያወጣልናል፤ እሱን ብናነሳው «ከተማ» ብቻ ይቀርና የትኛዋ እንደሆነች አናውቅም። በሁለተኛው ላይ ግን አዲስ አበባ ያው አዲስ አበባ ናት። ሐረጉ ቢነሳም የምንናገርላት ከተማ አትጠፋም፣ ስለ እሷ የተጨመረ መረጃ ብቻ ነው የሚቀነሰው። እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን ያለ ኮማ፣ ሁለተኛውን በሁለት ኮማ መካከል አስገብቶ ይጽፋል። የሰዋስው መምህራን አንዱን ሪስትሪክቲቭ፣ ሌላውን ነን ሪስትሪክቲቭ ይሉታል። እኔ ለዚህ ጽሑፍ «ለዪ» እና «ጨማሪ» ብላቸው ይቀለኛል።

የእኛ «የ» እና «የሚ» ለሁለቱም ሥራ ስለሚያገለግሉ፣ ከአማርኛ የሚነሳ ጸሐፊ ልዩነቱን የሚያስታውሰው ምልክት በጆሮው ውስጥ የለም። በዚያ ላይ ነጠላ ሰረዝን አብዛኞቻችን የተማርነው ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝምብን አንዲት ኮማ ጣል እናደርጋለን፣ ሲያጥር ደግሞ እንተዋታለን። በእንግሊዝኛው አንባቢ ዘንድ ግን ኮማዋ የትንፋሽ ሳትሆን የቁጥር ጉዳይ ናት።

ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚከብድ በአንድ ምሳሌ እንየው። በአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ሁለት ማቀዝቀዣዎች አሉ እንበል፣ «ኤ» እና «ቢ»። 40 የኢንሱሊን ብልቃጦች አሉ። ኢንሱሊን ሳይከፈት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ማታ ማቀዝቀዣ «ኤ» ስለሚጸዳ 40ውም ብልቃጦች ወደ «ቢ» ተዛወሩ። ሌሊት «ቢ» ተበላሸና ሞቀ። ንጋት ላይ አንድ ሰው ስለ ሙቀቱ ሳያውቅ 28ቱን ወደ «ኤ» መለሳቸው፣ 12ቱ «ቢ» ውስጥ ቀሩ። ከዚያ የሌሊቱ ተረኛ ችግሩን ደረሰበትና ለጠዋቱ ተረኛ ማስታወሻ ጻፈ፦

«ዘ ቫያልስ ዊች ወር ኢን ፍሪጅ ቢ ማስት ኖት ቢ ዩዝድ።»

ጸሐፊው በአእምሮው ያለው «ብልቃጦቹን እንዳትጠቀሙ፤ ሌሊቱን ቢ ውስጥ ነበሩ» የሚል ነው። ማለትም 40ውም። ኮማ ስላላደረገ ግን ዓረፍተ ነገሩ የሚለው «ቢ ውስጥ የነበሩትን ብልቃጦች እንዳትጠቀሙ» ነው። ይህ ለዪ ሐረግ ነው፤ ቢ ውስጥ ያልነበሩ ሌሎች ብልቃጦች እንዳሉ በዘዴ ይነግረናል። የጠዋቷ ተረኛ ወደ «ቢ» ትሄዳለች፣ 12 ታገኛለች፣ ታስወግዳቸዋለች። «ኤ»ን ትከፍትና 28 ብልቃጥ በሥርዓት ተደርድሮ ታያለች። ማስታወሻው እንደሚለው ከሆነ እነዚህ ደህና ናቸው። እሷ አላጠፋችም፤ የተጻፈውን በትክክል ነው ያነበበችው።

አሁን ሁለት ኮማ እንጨምር፦

«ዘ ቫያልስ፣ ዊች ወር ኢን ፍሪጅ ቢ፣ ማስት ኖት ቢ ዩዝድ።»

አሁን ዓረፍተ ነገሩ በኮማዎቹ መካከል ያለው ቢወጣ እንኳ የሚቆም ሆነ፦ ብልቃጦቹን እንዳትጠቀሙ። የትኞቹን? ሁሉንም። መሐል የገባው ምክንያቱን ነው የሚነግረን። በሁለቱ ማስታወሻዎች መካከል የአንድ ቃል ልዩነት የለም፣ የ28 ብልቃጥ ልዩነት ግን አለ።

እርግጥ እንዲህ ዓይነት ነገር በእኔ እጅ ቢወድቅ ኮማን አምኜ አልተኛም። «40ውም ብልቃጦች» ብዬ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ወይም ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አደርገዋለሁ። በእንቅልፍ ዓይን የሚነበብ ነገር ላይ ቁጥር ከሥርዓተ ነጥብ ይበልጣል።

ሁለት ኮማ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ሰዎች ጽሑፍ ላይ በብዛት የማየው ስህተት ኮማን ጨርሶ መርሳት ሳይሆን የመጀመሪያዋን አድርጎ ሁለተኛዋን መተው ነው። «ዘ ሪፖርት፣ ዊች ዋዝ ሴንት ኦን ፍራይዴይ ዋዝ ሪጀክትድ» ተብሎ ይቀራል። ይህ ቅንፍ ከፍቶ ሳይዘጉ እንደ መሄድ ነው። አንባቢው ጨማሪው ሐረግ የት እንዳበቃ ፈልጎ ለማግኘት ዓረፍተ ነገሩን ደግሞ ያነባል። ጨማሪው ሐረግ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ብቻ ሁለተኛዋን ኮማ አራት ነጥቡ ይተካታል።

ለመለየት እኔ የምጠቀመው ዘዴ ከአማርኛችን የተወሰደ ነው። ሐረጉን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥቼ መጨረሻ ላይ «በነገራችን ላይ» ብዬ እቀጥለዋለሁ። «አዲስ አበባ ዝናብ ላይ ናት፤ በነገራችን ላይ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት።» ወሬው ትንሽ ዘለለ እንጂ አልፈረሰም፣ ስለዚህ ኮማ ይገባዋል። «ከተማዋ ዝናብ ላይ ናት፤ በነገራችን ላይ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት» ብል ግን ሰሚው ገና መጀመሪያው ላይ «የቷ ከተማ?» ይለኛል። ይህ ጥያቄ ከተነሳ ሐረጉ ለዪ ነው፣ ኮማ አይነካውም።

እስካሁን ስለ «ዛት» ብዙም ያላልኩት ሆን ብዬ ነው። ከኮማ በኋላ የሚመጣ ጨማሪ ሐረግ በዛሬው የጽሑፍ እንግሊዝኛ በ«ዛት» አይጀምርም፤ «ዊች» ነው፣ ለሰው ከሆነ ደግሞ «ሁ»። እዚህ ላይ ለንደንም ኒውዮርክም ይስማማሉ። ክርክሩ ያለው ኮማ በሌለው፣ በለዪው ሐረግ ላይ ነው። እንግሊዞች እዚያ ቦታ ላይ «ዛት»ንም «ዊች»ንም ያለ ሐሳብ ይጽፋሉ። የአሜሪካ አርታኢዎች ግን «ዛት» ብቻ እንዲሆን ይፈልጋሉ።

ይህ የአሜሪካኖች ሕግ ደግሞ እንደሚመስለው ጥንታዊ አይደለም። ታዋቂ ያደረገው እንግሊዛዊው ሄንሪ ፎውለር ነው፣ በ1926 ባሳተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት። እሱም ቢሆን «ዛት» ለለዪው፣ «ዊች» ለጨማሪው ቢመደብ ጥሩ ነበር ብሎ ሐሳብ አቀረበ እንጂ፣ ብዙዎቹም ሆኑ ምርጦቹ ጸሐፊዎች እንዲህ እንደማያደርጉ እዚያው አምኗል። አገሩ ብዙም አልሰማውም፤ አሜሪካ ግን ተቀበለችው። በ1959 ዋይት የመምህሩን የስትራንክን ትንሽ መጽሐፍ አሻሽሎ ሲያወጣ ጥንቁቅ ጸሐፊ ያለቦታቸው የገቡ «ዊች»ዎችን እያደነ ያወጣል የሚል ምክር ጨመረበት፣ ያ መጽሐፍም በአሜሪካ ኮሌጆች ውስጥ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ሆነ። ከዚያ በፊት አሜሪካኖች ራሳቸው በነጻነት ነበር የሚጽፉት። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፐርል ሃርበር ጥቃት በደረሰ ማግስት፣ በታኅሣሥ 1941 ለኮንግረሱ ባሰሙት ንግግር የጥቃቱን ዕለት የገለጹበት ዝነኛ ሐረግ ለዪ ሐረግ ሆኖ በ«ዊች» የተጀመረ ነው። ዛሬ ለአሜሪካ አርታኢ ቢቀርብ ምናልባት ቀይ ያርፍበት ነበር።

እና ለእኛ ተግባራዊ መዘዙ ምንድን ነው? ለንደን የተማረ ሰው ቺካጎ ሥራ ሲይዝ፣ ኮማ የሌለውን «ዊች» ይዞ ይመጣል። የቢሮው አርታኢ ወይም የኮምፒውተሩ ሰዋስው ማረሚያ ያሰምርበታል። ማረሚያው ሁለት መፍትሔ ሊያቀርብ ይችላል፦ ወይ «ዛት» በለው፣ ወይ ኮማ ጨምርበት። ለእሱ ሁለቱም ሕጉን ያሟላሉ። ለእርስዎ ግን እኩል አይደሉም። «ዛት»ን ቢመርጡ ያሰቡት ትርጉም እንዳለ ይቆያል። ኮማውን ቢመርጡ 12 የነበረው 40 ሆነ ማለት ነው። ብልቃጦቹን የሚያውቀው ማረሚያው አይደለም፤ ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት «ስለ ስንቱ ነው የማወራው?» ብለው ይጠይቁ። በመመረቂያ ጽሑፍም ያው ነው፤ ከናሙናዎቹ ስለተወሰኑት የተጻፈ ውጤት በአንድ ኮማ ስለ ሁሉም ናሙናዎች የተጻፈ ይሆናል፣ ፈታኙም የሚጠይቅዎ ስለ ሁሉም ነው።

አሜሪካ ውስጥም «ዊች» ያለ ኮማ የሚፈቀድበት አንድ ቦታ አለ። ከፊቱ «ኢን» ወይም «ፎር»ን የመሰለ ቃል ሲቀድመው ነው። «ዘ ቦክስ ኢን ዊች ዘይ ኬም» ትክክል ነው፣ እዚያ ላይ «ኢን ዛት» ማለት አይቻልም። «ዊች»ን ባየ ቁጥር ኮማ የሚሰካ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ስለ ሰው ስንጽፍ ግን የቃል ምርጫው እንኳ ብዙም አያግዘንም። «ሁ» ለለዪውም ለጨማሪውም ስለሚሆን ሸክሙ ሁሉ ኮማው ላይ ይወድቃል። ለኢሚግሬሽን በሚጻፉ የድጋፍ ደብዳቤዎች ላይ ይህ ይታያል። ቅጹ ላይ አንድ ወንድም ተመዝግቦ፣ ደብዳቤው ላይ «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ዱባይ» ያለ ኮማ ከተጻፈ፣ እንግሊዝኛው ሌላም ወንድም እንዳለ ይጠቁማል። አንባቢው አያስተውለው ይሆናል፣ ያስተውለውም ይሆናል። «ማይ ሃዝባንድ ሁ ወርክስ አት ናይት» ብላ የጻፈችውማ፣ ማታ ከሚሠራው ሌላ ቀን የሚሠራ ባል እንዳላት ነው የነገረችን።