ምስሉ ይደግ እንጂ መስኮት አይጨመር

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ የሕንፃ ምስል በስክሪን ላይ ያምራል፤ ለኅትመት ሲያድግ ግን የመስኮቶቹ ቀጫጭን መከፋፈያዎች ይጨማለቃሉ፣ አንዳንዴም ቁጥራቸው ይለወጣል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 1536 ፒክስል ስፋት ያለውን ምስል በኤ2 ወረቀት አግድም፣ በ150 ዲፒአይ ለማተም 3508 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። በዋናው ምስል ላይ መከፋፈያው የሁለት ፒክስል ውፍረት ብቻ ካለው የጎደለውን የሚሞላው ግምት ነው። አዲስ ዝርዝር የሚፈጥሩ ማሳደጊያዎች ግምታቸውን እንደ እውነት ይስሉታል። ስለዚህ የፈጠራ መጠናቸውን ወደ ዝቅተኛው ማውረድ፣ ወይም ያለውን ብቻ የሚያጠሩትን መጠቀም ይሻላል። ከዚያ በኋላም የደበዘዙትን መከፋፈያዎች ከአርክቴክቱ ንድፍ ላይ ወስዶ በቬክተር መስመር መደረብ ይገባል።

ለማረጋገጥ ያደገውን ምስል ወደ 1536 መልሰው ያሳንሱና በዋናው ላይ በፎቶሾፕ `Difference` ይደርቡ። ያልተለወጠው ክፍል ጥቁር ይሆናል፤ የተንቀሳቀሰ መስመር ግን ደምቆ ይታያል። ደቃቅ ፈጠራዎች ሲያንሱ ስለሚጠፉ ትልቁን ምስል በ100 ፐርሰንት ከፍተው መስኮቶቹን ይቁጠሩ።

ጥርት ብሎ ከሚዋሽ መስኮት በጥቂቱ የደበዘዘ እውነተኛ መስኮት ይመረጣል።