ወለሉ ላይ የቀሩ ነጥቦች

ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ሸጎሌ አካባቢ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ለሚመደቡ አዳዲስ ባለሙያዎች የቫይራል ሎድ ግራፍ ሳስረዳ ኮምፒውተር አላስከፍትም። ባለ ካሬ ወረቀት፣ ማስመሪያና እርሳስ ይበቃናል። በኤችአይቪ ታካሚ ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ከጥቂት ደርዘን ኮፒ ተነሥቶ ሚሊዮን ሊያልፍ ስለሚችል፣ ለእንዲህ ያለ ቁጥር የተለመደው ማስመሪያ እንደማይበጅ በእጃቸው ሞክረው ቢያዩት ይሻላል።

የማቀርበው ታካሚ ለማስተማሪያ የፈጠርኩት ነው። ሕክምና ሲጀምር 250,000 ኮፒ ነበረው እንበል። በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ውጤቱ «ከ40 በታች» ሆነ። በሁለተኛው ዓመት 180፣ በሦስተኛው ዓመት 1,600 መጣ። የመድኃኒት አወሳሰድ ምክር ተሰጥቶት ከሦስት ወር በኋላ ሲለካ 900 ሆነ።

መጀመሪያ በተለመደው መንገድ ይስሉታል፤ 25 ሳንቲ ሜትር ቁመት ለ250,000፣ ማለትም በየሳንቲ ሜትሩ 10,000። ያኔ 1,600 ከወለሉ በላይ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። 180 ደግሞ ከእርሳሱ መስመር ውፍረት አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ አልተገታም የሚልበት የ1,000 ወሰን ራሱ ከወለሉ አንድ ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል። ወረቀቱን የሚያይ ሰው ታካሚው አንዴ ወርዶ በዚያው እንደጸና ይረዳል፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የሆነው ሁሉ አይታየውም።

ሁለተኛው ወረቀት ላይ ከ10 እንጀምርና በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በአሥር እናባዛለን፦ 100፣ 1,000፣ 10,000፣ 100,000፣ በ25 ሳንቲ ሜትር ሚሊዮን። ሎግ ዘንግ ማለት ይኸው ነው። አሁን 180 ወደ 6 ሳንቲ ሜትር፣ 1,600 ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወጣሉ። ጭማሪው አፍጥጦ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ በ1,000 እና በ10,000 እኩሌታ ላይ ምን ይጻፍ? አብዛኛው ሰው 5,500 ይላል። «ከ1,000 ስንት እጥፍ ነው? ከዚያስ እስከ 10,000 ስንት እጥፍ ይቀራል?» ስላቸው የመጀመሪያው አምስት ተኩል፣ ሁለተኛው ሁለት እንኳ እንደማይሞላ ያገኙታል። ሁለቱ ግማሾች እኩል እጥፍ እንዲሆኑ መሃሉ ወደ 3,160 መሆን አለበት። ይህን በራሱ ያሰላ ሰው ከዚያ በኋላ ዘንጉን አይስትም። ዘንጉ ላይ ግን 1፣ 2፣ 3 ብለው የሎግ ቁጥር እንዲጽፉ አልፈቅድም፤ ነርሷም ሐኪሙም የሚያውቁት 100ን እና 1,000ን ነው።

«ጋሼ፣ ዜሮው የት ገባ?» ይሉኛል። ከ10 ወደ 1፣ ከ1 ወደ 0.1 ብንወርድም ዜሮ አይደረስም። ስለዚህ «ከ40 በታች»ን እንደ ዜሮ መሳል አይቻልም። 1 ደምሮ ማለፍም የባሰ ነው፤ ማሽኑ ያልለካውን ቁልቁለት ይፈጥራል። እኛ 40 ላይ ባዶ ክብ እናደርግና ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት እንሰቅልበታለን። ኤክሴል ላይ `Logarithmic scale` የሚለውን የሚመርጥ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ «<40» ተብሎ የተጻፈ ሕዋስ ለኤክሴል ጽሑፍ ነው፣ ግራፉም እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል። ባር ግራፍም ለዚህ ዘንግ አይሆንም፤ ባሩ የሚቆምበት ዜሮ ስለሌለ ርዝመቱ ትርጉም ያጣል።

እኔ ሎግ ዘንግን የምመርጠው ግን ሰፊ ቁጥር ስለሚያጣጥፍ ብቻ አይደለም። ምርመራው የሚሠራው በፒሲአር ነው፤ በየዙሩ የሚነበበው ነገር በግምት እጥፍ ይሆናል። የአንድ ዙር ልዩነት በ1,000ም በ100,000ም ላይ ሁለት እጥፍ ነው። የመለኪያው መዋዠቅም እንዲሁ በእጥፍ ስለሚሄድ፣ ከሦስት እጥፍ ገደማ ወይም ከግማሽ ሎግ ያነሰ ለውጥ እንደ እርግጠኛ ለውጥ አይቆጠርም። በወረቀታችን ይህ 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚያ ልክ ቁራጭ ወረቀት አስቆርጣቸዋለሁ፤ ላይም ታችም ያው ቁራጭ ያገለግላል፣ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ግን ለየነጥቡ ሌላ ቁራጭ ይፈልግ ነበር።

አሁን በ1,600 እና በ900 መካከል ያስቀምጡት። ልዩነቱ 1.25 ሳንቲ ሜትር፣ የቁራጩ ግማሽ ነው። ታካሚው ከወሰኑ በታች ስለገባ በሪፖርት «ተገትቷል» ተብሎ ይመዘገባል፤ መመሪያው ይህንን ይላል፣ እኛም እንከተላለን። ነገር ግን ቫይረሱ በእርግጥ መቀነሱን ይህ ውጤት አያረጋግጥም፤ ያንኑ ናሙና ደግመን ብንለካው ወሰኑን ተሻግሮ ሊመለስ ይችላል። ከ180 ወደ 1,600 የነበረው ግን ወደ ዘጠኝ እጥፍ የሚጠጋ፣ ከቁራጩ ብዙ የሚያልፍ ነው፤ እሱ እውነተኛ ጭማሪ ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ዳር «ቀንሷል» ሳይሆን «ቀጣዩ ልኬት ይጠበቅ» ብለው እንዲጽፉ እነግራቸዋለሁ።

የሪኤጀንት ክምችትና የወር የናሙና ብዛት ሲሳል ወደ ተራው ዘንግ እንመለሳለን። እዚያ የጎደለው ሃምሳ ኪት ሃምሳ ኪት ነው፤ ሎግ ዘንግ ላይ ቢሳል ጉድለቱ ጥቂት ይመስልና ግዥ ይዘገያል።