ሽቦው ለውጥን ሲቃወም

እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1831 ማይክል ፋራዳይ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ሁለት የተለያዩ ሽቦዎች የተጠቀለሉበትን የብረት ቀለበት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የሁለተኛውን ሽቦ ጫፎች አገናኝቶ በአንዲት ማግኔታዊ መርፌ ላይ አሳለፈው። ከዚያ የመጀመሪያውን ሽቦ ከባትሪ ጋር ሲያገናኘው መርፌዋ ተወዛወዘች። ባትሪው እንደተያያዘ ነው፣ ከረንቱም በመጀመሪያው ሽቦ ውስጥ እየፈሰሰ ነው፤ መርፌዋ ግን ወደ ቦታዋ ተመልሳ ጸጥ አለች። ባትሪውን ሲያላቅቀው ደግሞ እንደገና ተንቀሳቀሰች።

የዚያን ዕለት ትልቁ ግኝት መርፌዋ ወደ ቦታዋ መመለሷ ነበር። ከእሱ በፊት ብዙዎች በማግኔት አማካይነት ኤሌክትሪክ ለማግኘት ሞክረዋል። የጄኔቫው ዣን ዳንኤል ኮላዶን ማግኔቱ የመለኪያውን መርፌ እንዳይረብሽበት ብሎ መለኪያውን ሌላ ክፍል አስቀመጠው፤ ማግኔቱን ወደ ጥቅል ሽቦው ከትቶ ወደ ሌላው ክፍል ሄዶ ሲያይ መርፌዋ ፍጹም አልተነቃነቀችም። ተነቃንቃ ነበር፣ እሱ እስኪደርስ ግን ነገሩ አልቋል። ኮላዶን የፈለገው ማግኔቱ እዚያ እስካለ ድረስ የሚቀጥል ከረንት ነበር። ፋራዳይ ግን ከረንቱን የሚወልደው የማግኔቱ መኖር ሳይሆን በሽቦው ቀለበት ውስጥ የሚያልፈው ማግኔታዊ ኃይል መለወጡ መሆኑን ተረዳ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር አንድ የማግኔት ዘንግ ወደ ጥቅል ሽቦ ሲያስገባ ከረንቱ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሲያወጣ ደግሞ ወደ ተቃራኒው እንደሚሄድ አየ።

ታዲያ ወደ የትኛው አቅጣጫ? ለዚህ አንድ ወጥ ደንብ ያወጣው ዛሬ ኢስቶኒያ ውስጥ በምትገኘው በታርቱ ከተማ የተወለደውና በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ኤሚል ሌንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 መጨረሻ ለከተማይቱ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበውና በተከታዩ ዓመት በታተመው ጽሑፉ፣ በእንቅስቃሴ የሚወለደው ከረንት ሁልጊዜ ያንኑ እንቅስቃሴ የሚቃወም ኃይል እንደሚፈጥር አሳየ። ዛሬ ደንቡን ሰፋ አድርገን ስንናገረው፣ በቀለበት ውስጥ የሚወለደው ከረንት አቅጣጫ በቀለበቱ የሚያልፈውን ፍለክስ ለውጥ የሚቃወም ነው። ፍለክስ ማለት በቀለበቱ ስፋት ውስጥ ዘልቆ የሚያልፈው የማግኔት መስክ ጠቅላላ መጠን ነው። መስኩ ሲበረታ፣ ቀለበቱ ሲሰፋ ወይም ፊቱን ወደ መስኩ ሲያዞር ፍለክሱ ይጨምራል፤ በነዚህ ተቃራኒ ደግሞ ይቀንሳል።

በአንድ ምሳሌ እንየው። የመዳብ ቀለበት ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ እኛ ከላይ ሆነን የማግኔቱን ሰሜን ዋልታ ወደ ታች አድርገን እናወርዳለን። መስኩ ከሰሜን ዋልታው ወጥቶ ወደ ታች ያመራል፣ ማግኔቱ በቀረበ ቁጥርም በቀለበቱ የሚያልፈው የቁልቁል ፍለክስ ይጨምራል። ቀለበቱ ጭማሪውን ስለሚቃወም የራሱን መስክ ወደ ላይ ይፈጥራል። አሁን የቀኝ እጃችንን አውራ ጣት ወደ ላይ ቀስረን የቀሩትን ጣቶች ስናጥፋቸው የከረንቱን አቅጣጫ ያሳዩናል። ከላይ ለሚያይ ሰው ከሰዓት መርፌ አዟዟር በተቃራኒ ነው። የቀለበቱ የላይ ፊት የሰሜን ዋልታ ጠባይ ስለያዘ የሚወርደውን ማግኔት ይገፋዋል።

ማግኔቱን መልሰን ወደ ላይ ስናነሳው ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ እንደርሳለን። መስኩ አሁንም ወደ ታች ነው፣ ስለዚህ ቀለበቱ አሁንም ወደ ላይ የሚያመራ መስክ ይፈጥራል ብሎ መመለስ ይቀናል። ይህ ስህተት ነው። ቀለበቱ የሚቃወመው መስኩን ሳይሆን ለውጡን ነው። የቁልቁል ፍለክሱ እየቀነሰ ስለሆነ ቀለበቱ የጎደለውን ለመሙላት መስኩን ወደ ታች ይፈጥራል፤ ከረንቱ እንደ ሰዓት መርፌ ይዞራል፣ የሚሸሸውንም ማግኔት ወደ ራሱ ይስበዋል። ሲመጣ የገፋው ሲሄድ ይጎትተዋል ማለት ነው። ማግኔቱ ባለበት ከቆመ ደግሞ፣ ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ ከረንት የለም።

ለምን ግን ይቃወማል? ተቃራኒው ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ ይበቃል። ቀለበቱ የሚመጣውን ማግኔት የሚስበው ቢሆን፣ ማግኔቱ በትንሹ ከተነካ በኋላ በራሱ እየፈጠነ ይሄድ ነበር፤ ፍጥነቱ ከረንቱን ያበረታል፣ ከረንቱም ፍጥነቱን። ሽቦው እየሞቀ፣ ማግኔቱ እየከነፈ፣ ከማንም ያልተወሰደ ጉልበት ከምንም በተፈጠረ ነበር። ተፈጥሮ እንዲህ አትሠራም። ሽቦው ውስጥ የሚታየው ሙቀት ወይም ብርሃን ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት፤ የሚመጣውም ተቃውሞውን እያሸነፈ ማግኔቱን ከሚገፋው እጅ ነው።

መጠኑን የሚነግረን ቀመር ይህ ነው፦

ε = −N · ΔΦ/Δt

ε የሚወለደው ቮልቴጅ ነው፤ የፊዚክስ መጻሕፍት ኢ.ኤም.ኤፍ. ይሉታል። N የሽቦው ዙር ብዛት፣ ΔΦ በእያንዳንዱ ዙር የሚያልፈው ፍለክስ የተለወጠበት መጠን፣ Δt ደግሞ ለውጡ የፈጀው ጊዜ ነው። ፍለክስ በዌበር፣ ጊዜ በሰከንድ ከተለካ ውጤቱ በቮልት ይወጣል። የመቀነስ ምልክቷ የሌንዝን ደንብ ተሸክማለች። ፋራዳይ ራሱ ሐሳቡን በመስመሮችና በቃላት እንጂ በቀመር አልጻፈውም፤ ወደ ሒሳብ የለወጡት ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው።

ቁጥር እናስገባበት። 200 ዙር ያለው ጥቅል ሽቦ አለን፤ የእያንዳንዱ ዙር ስፋት 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 0.001 ካሬ ሜትር ነው። ማግኔቱን ስናስገባ በውስጡ ያለው መስክ ከዜሮ ተነስቶ 0.1 ቴስላ ይደርሳል። የፍለክሱ ለውጥ 0.1 ሲባዛ በ0.001፣ ማለትም 0.0001 ዌበር ነው። ለውጡ ወጥ ሆኖ በ0.05 ሰከንድ ቢጠናቀቅ፣ 200 ሲባዛ በ0.0001 ሲካፈል ለ0.05 የ0.4 ቮልት ቮልቴጅ ይሰጠናል። ያንኑ ማግኔት ቀስ ብለን በግማሽ ሰከንድ ብናስገባው ቮልቴጁ አሥር እጥፍ ወርዶ 0.04 ቮልት ይሆናል። ማግኔቱ ያው ነው፣ ሽቦው ያው ነው፤ የተለወጠው ጊዜው ብቻ ነው። የመኪና ማስነሻ ኮይልም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። የ12 ቮልት ባትሪ የሚሰጠው ከረንት በድንገት ሲቋረጥ በኮይሉ ብረት ውስጥ የነበረው ፍለክስ ከሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጠፋል፤ ብዙ ሺህ ዙር ባለው በሁለተኛው ሽቦ ላይም በካንዴላው ጫፍ እሳት የሚያስፈነጥቅ አሥር ሺዎች ቮልት ይወለዳል።

ወደ ጥቅል ሽቦአችን እንመለስና ጫፎቹን እናገናኝ። የሽቦው ሬዚስታንስ 2 ኦም ከሆነ፣ በፈጣኑ ሙከራ የሚፈሰው ከረንት 0.2 አምፔር ነው። በዚያች 0.05 ሰከንድ ውስጥ ሽቦው 0.004 ጁል ሙቀት ያገኛል። ማግኔቱ በዚህ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ተጉዞ ከሆነ፣ እጃችን በአማካይ 0.08 ኒውተን ተቃውሞ አሸንፏል፤ የስምንት ግራም ክብደት ያህል ማለት ነው። በዝግታው ሙከራ ግን ተቃውሞው የዚህ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ፈጥነን ስንገፋ ፈጥኖ ይቃወመናል። ተቃውሞው ግን ማግኔቱን ጨርሶ አያቆመውም፤ ብርቱ ማግኔት በመዳብ ቱቦ ውስጥ ብንለቀው ቀስ ብሎ ይወርዳል እንጂ ተንሳፎ አይቀርም፣ ምክንያቱም ከቆመ ለውጡ ይቀራል፣ ለውጡ ከቀረም የሚይዘው ከረንት የለም።

አሁን የጥቅል ሽቦውን ጫፎች እንለያያቸው። ማግኔቱን በዚያው ፍጥነት ስናስገባ 0.4 ቮልቱ በሁለቱ ጫፎች መካከል ይወለዳል፣ ቮልቴጅ መለኪያም ያሳየዋል። ነገር ግን መንገዱ ስለተቋረጠ ከረንት አይፈስም፣ ከረንት ከሌለ ደግሞ እጃችንን የሚገፋ ኃይል የለም። ማግኔቱ እንደ ልቡ ይገባል። ቮልቴጅን ለመውለድ የፍለክስ ለውጥ ብቻ ይበቃል፤ ተቃውሞው የሚመጣው ግን ከረንቱ ሲፈስ ነው። ከጠቅላላው ትምህርት ውስጥ እኔ በጣም ጠቃሚ የምለው ይህን ልዩነት ነው።

መብራት ሲጠፋ ሱቅ በር ላይ የሚነሳውን ጀነሬተር አዳምጡት። ምንም ሳይሰካበት ሲዞር ሞተሩ ቀለል ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ሶኬቱ ላይ 220 ቮልት አካባቢ አለ፣ ሞተሩ ግን የሚታገለው ከራሱ ሰበቃ ጋር ነው ለማለት ይቻላል። የእንጀራ ምጣድ ሲሰካበት ወዲያው ድምፁ ይከብዳል። በጥቅል ሽቦዎቹ ውስጥ ከረንት ፈሰሰ፤ ያ ከረንት የራሱን መስክ ፈጥሮ የሚዞረውን ማግኔት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሞተሩ ለቅጽበት ይዘገያል፣ መቆጣጠሪያው ነዳጅ ይጨምራል፣ ፍጥነቱም ይመለሳል። ምጣዱ ላይ የሚሰማው ግለት በነዳጁ የተከፈለ ነው፤ ሒሳቡን ከምጣዱ ወደ ነዳጁ የሚያስተላልፈውም ይህ ተቃውሞ ነው። በዓባይ ግድብ ያሉት ተርባይኖችም ከዚህ የተለየ ሕግ የላቸውም። ማታ ከተሞች ምጣዳቸውንና መብራታቸውን ሲያበሩ ጀነሬተሮቹ ለመዞር ይከብዳሉ፣ ፍጥነታቸው በሴኮንድ 50 ዑደት ከሚፈልገው እንዳይወርድም የውሃው መግቢያ ይበልጥ ይከፈታል።

ስለዚህ ጀነሬተር ልትገዙ ሄዳችሁ ሻጩ ቆጣሪው ላይ 220 ቮልት ስላሳያችሁ ብቻ አትርኩ። ባዶውን ሲዞር የሚታየው ቮልቴጅ፣ ፍለክሱ በሚፈለገው ፍጥነት እየተለወጠ መሆኑን እንጂ ሞተሩ ተቃውሞውን መቻሉን አይናገርም። ልትጠቀሙበት ያሰባችሁትን ምጣድ ወይም የዚያኑ ያህል ጭነት አሰክታችሁ አሥር ደቂቃ አሠሩት፤ ድምፁ እየተንገዳገደ፣ ቮልቴጁም እየወረደ ከሄደ ያ ጀነሬተር ለእናንተ ሥራ አይበቃም።