የከፈለው ማን ነው? ክፍያን ከምዝገባ ጋር የማገናኘት ስልት

በአዲስ አበባ ለሚካሄድ ዐውደ ጥናት 300 ሰዎች ተመዝግበዋል፤ የመግቢያ ዋጋውም ለሁሉም 1,500 ብር ነው እንበል። ዱባይ የምትኖር አንዲት ተመዝጋቢ አዲስ አበባ ያለ ወንድሟን «ክፈልልኝ» አለችው፤ እርሱም በቴሌብር ከፈለ። ለአዘጋጁ የደረሰው የወንድሟ ስም ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሰው የለም። በዚያው ቀን ብዙዎች እኩል ብር ስለከፈሉ የገንዘቡ መጠንም የማን መሆኑን አይናገርም።

ከፋዩ ራሱ ተመዝጋቢው ቢሆን እንኳ ስም አስተማማኝ መለያ አይሆንም። «ፀሐይ» የሚለው ስም በአንዱ መዝገብ Tsehay፣ በሌላው Tsehai ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የደረሰኝ ምስል መቀበልም ችግሩን አይፈታውም፤ ምስሉ ሊታረም፣ ወይም አንዱ ደረሰኝ በሁለት ሰዎች ስም ሊቀርብ ይችላል።

ስለዚህ መፍትሔው ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ የራሱን ቁጥር ሰጥቶ፣ ሲከፍል በክፍያው ምክንያት ቦታ ላይ እንዲጽፈው ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ ወንድሟ 482ን አዛብቶ 428 ብሎ ቢጽፍ ገንዘቡ ለሌላ ሰው ይመዘገባል፤ እርሷም ከበር ትመለሳለች።

ይህን ለመከላከል በፊንላንድ የክፍያ መለያ ቁጥሮች መጨረሻ ላይ አንድ የማረጋገጫ አሃዝ ይጨመራል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አሃዞቹ ከቀኝ ወደ ግራ በ7፣ በ3፣ በ1 ይባዛሉ፤ ውጤቱም ይደመራል። ለ482 ሲሰላ እንዲህ ይሆናል፦

```
2×7 + 8×3 + 4×1 = 42
50 − 42 = 8
```

ድምሩ ከሚቀጥለው ሙሉ ዐሥር ተቀንሶ የተገኘው 8 መጨረሻ ላይ ሲጨመር ቁጥሩ 4828 ይሆናል። ወንድሟ 4288 ብሎ ከጻፈ፣ የ428 ማረጋገጫ 4 እንጂ 8 ስላልሆነ የአዘጋጁ ሰንጠረዥ ስሕተቱን ወዲያው ያሳያል። ገንዘቡም ለባዕድ ከመመዝገብ ይልቅ ለማጣራት ይቆያል።

ዘዴው ግን ወሰን አለው። ቦታ የተለዋወጡት ጎረቤት አሃዞች ልዩነት 5 ከሆነ፣ ለምሳሌ 2 እና 7፣ ስሕተቱ አይታወቅም። ቁጥሩን መጻፍ የሚረሱም አይጠፉም።

ለእነዚህ ሁለተኛው መያዣ ባንኩ ወይም ቴሌብር ራሱ የሚሰጠው የግብይት ቁጥር ነው። ተመዝጋቢው ይህን ቁጥር በቅጹ ላይ ይሞላል፤ አዘጋጁም በራሱ የሂሳብ መግለጫ ላይ ይፈልገዋል። ቁጥሩ በመግለጫው ላይ ካልተገኘ፣ ወይም ቀድሞ ለሌላ ሰው ተቆጥሮ ከሆነ አይቀበለውም። በሁለቱም መንገድ ያልተገናኘው ጥቂት ክፍያ በስልክ ተጠይቆ ይጣራል፤ በስም መመሳሰል ብቻ ግን ለማንም አይመዘገብም።